ለጉልበተኛ የሚያዝን ዕጣ

በዚህ ዓለም ላይ ማንም የማያዝንለት ፍጡር ቢኖር ጠንካራ ቡድን ነው። ደካማውማ ሁሉም ይራራለታል፤ ሲሸነፍ «ደህና ተጫውተዋል» ይባላል፣ አንድ ጎል ሲያገባ አገር ይጨፍራል። ስፔን ወይም አርጀንቲና ግን ገና በምድብ ጨዋታ ሌላ ብርቱ ቡድን ቢገጥማቸው ምን ሊውጣቸው ነው? ሊሸነፉ ይችላሉ እኮ! ይህን ግፍ አይቶ አንጀቱ ያልቻለው ፊፋ ብቻ ነው። እናም ቋት ሠራላቸው።

የቋት ነገር ቀላል ነው። ቡድኖቹ በፊፋ ደረጃቸው ይሰለፉና ከላይ ያሉት ቋት 1፣ ተከታዮቹ ቋት 2 እየተባሉ እስከ ቋት 4 ይደለደላሉ። ከዚያ ለእያንዳንዱ ምድብ ከየቋቱ አንድ አንድ ቡድን ይወጣል። አንድ ቋት ውስጥ የተቀመጡ ቡድኖች ምድብ አይጋሩም ማለት ነው። የቀድሞ ኮከብ ተጋብዞ መድረክ ላይ ይወጣል፣ ኳሷን ለሁለት ከፍሎ ወረቀቷን ይዘረጋል፣ ለካሜራ ያሳያል፤ አዳራሹም ትንፋሹን ይይዛል። ትንፋሽ የሚያስይዘው ምን እንደሆነ ግን አይጠየቅም፤ ዋናው ነገር እንደሆነ ኳሶቹ ሳህኑ ውስጥ ከመግባታቸው በፊት አልቋል።

ለ2026ቱ የዓለም ዋንጫ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 5 ቀን 2025 ዋሺንግተን ላይ የወጣው ዕጣ ደግሞ ጥበቡ የረቀቀበት ነበር። ሦስቱ አስተናጋጆች ደረጃቸው ምንም ይሁን ምን ቋት 1 ገቡ፤ ባለቤት በቤቱ ወንበር አይከለከልምና። ቦታቸውም አስቀድሞ ተይዞላቸዋል፦ ሜክሲኮ ምድብ «ሀ»፣ ካናዳ ምድብ «ለ»፣ አሜሪካ አራተኛው ምድብ። ሆኖም ዕጣ ነውና ኳስ ያስፈልጋቸዋል፤ ስለዚህ ኳሶቻቸው ተለይተው እንዲታወቁ አረንጓዴ፣ ቀይና ሰማያዊ ቀለም ተሰጣቸው። ተለይታ የምትታወቅ ኳስ፣ ተለይቶ ወደሚታወቅ ቦታ፣ በዕጣ!

ጥበቃው በምድብ አላበቃም። ከደረጃው አናት ላይ የነበሩት ስፔን፣ አርጀንቲና፣ ፈረንሳይና እንግሊዝ በጥሎ ማለፉ መንገድ ላይ አራት የተለያየ ማዕዘን ተሰጥቷቸዋል። ምድባቸውን በአንደኝነት እስከጨረሱ ድረስ አራቱ ከግማሽ ፍጻሜ በፊት አይተያዩም፤ ስፔንና አርጀንቲና ደግሞ ከፍጻሜ በፊት። ፊፋ ይህን ሲያብራራ ለውድድሩ ሚዛን ሲባል ነው አለ። ሚዛኑ ላይ አውራ ጣት ያስቀመጠ ነጋዴም ከዚህ የተለየ ነገር ሲናገር አልሰማንም።

«ብርቱዎቹ በመጀመሪያው ሳምንት ከተበላሉ ማን ቴሌቪዥን ያያል?» የሚሉ አሉ። እውነታቸውን ነው። እንደውም አንዱ ምድብ በአራት ኃያላን ተጨናንቆ ሌላው ባዶ ቢሆን ይህም ፍርደ ገምድልነት ነው። ነገር ግን ለዚህ ሁሉ መከላከያ አጥር የሚሠራው ማን ብርቱ እንደሆነ በሚናገር አንድ ወረቀት ነው፤ የወረቀቷን ጉድ ለማየት ደግሞ ከፖላንድ የተሻለ አስተማሪ የለም።

ለ2018ቱ የዓለም ዋንጫ ቋቶቹ የተከፈሉት በኦክቶበር 2017 የፊፋ ደረጃ ነበር። በጊዜው አንድ ጨዋታ የሚያስገኘው ነጥብ እንዲህ ይሰላል፦ ላሸነፈ 3፣ በጨዋታው ክብደት ይባዛል፤ ማጣሪያ 2.5 ሲሆን የወዳጅነት ጨዋታ 1 ነው። ከዚያ ከ200 ላይ የተጋጣሚው ደረጃ ተቀንሶ በቀሪው ይባዛል። የአህጉር ማባዣውን ለጊዜው እንተወውና፣ 50ኛ ላይ ያለን ቡድን በማጣሪያ ያሸነፈ 1125 ነጥብ ያገኛል። ያንኑ ቡድን በወዳጅነት ጨዋታ ቢያሸንፍ 450 ብቻ። ጉዱ ያለው ግን ነጥቡ በዓመቱ ጨዋታዎች ቁጥር ተካፍሎ አማካዩ መወሰዱ ላይ ነው። ስምንት እንዲህ ያለ የማጣሪያ ድል ያለው ቡድን አማካዩ 1125 ነው። ሁለት የወዳጅነት ጨዋታ ጨምሮ ሁለቱንም ቢያሸንፍስ? ወደ 990 ይወርዳል። አሸንፎ!

ፖላንዶች ሒሳብ ያውቃሉ። በዚያ አንድ ዓመት ውስጥ አንድ የወዳጅነት ጨዋታ ብቻ አደረጉ፤ በኖቬምበር 2016 ከስሎቬንያ ጋር፣ እሱም 1ለ1 አለቀ። ከዚያ በኋላ ወዳጅ አላስፈለጋቸውም። ማጣሪያቸውን በደንብ እንደተወጡ አይካድም፤ ከአሥር ስምንቱን አሸንፈዋል። ደረጃው ሲወጣ 6ኛ ሆነው ቋት 1 ላይ ተሰየሙ። ከሰባት ዓመት በፊት ዋንጫውን ያነሳችው ስፔን 8ኛ ሆና ቋት 2 ወረደች፤ ቁጭ ብላ ማረፍ ሲገባት ኳስ ስትጫወት ተገኝታ ይሆናላ። ከዚያም ፖላንድ ሩሲያ ላይ በሴኔጋል 2ለ1፣ በኮሎምቢያ 3ለ0 ተሸንፋ፣ ጃፓንን 1ለ0 ካሸነፈች በኋላ የምድቧ መጨረሻ ሆና ተመለሰች። ፊፋ ቀመሩን የቀየረው በዚያው ዓመት፣ ውድድሩ ካለፈ በኋላ ነው።

ከቋት 4 ሆኖ ነገሩ እንዴት እንደሚታይ ለማወቅ እኛ ሩቅ አንሄድም። ዋልያዎቹ ከ31 ዓመት በኋላ ለ2013ቱ የአፍሪካ ዋንጫ ሲያልፉ ካፍ በቀደሙት ውድድሮች ውጤት ቋት ከፍሎ ጠበቃቸው። ለ31 ዓመት ያልመጣ እንግዳ ምን ውጤት ይኖረዋል? ቋት 4! ከቋት 1 የዋንጫው ባለቤት ዛምቢያ ደረሰቻቸው። ከቋት 2 ናይጄሪያ መጣች፤ ያለፈው ውድድር ላይ ስላልነበረች ነው ዝቅ ያለችው። ከቋት 3 ደግሞ ቡርኪና ፋሶ። ዛምቢያን፣ ግብ ጠባቂያቸው በቀይ ወጥቶባቸው በአሥር ሰው፣ በአዳነ ግርማ ጎል 1ለ1 ያዟት። የፍጻሜው ጨዋታ ሲደርስ ሜዳ ላይ የቆሙት ናይጄሪያና ቡርኪና ፋሶ ነበሩ። ቋቱ አመጣጠንኩት ያለው ምድብ ይህ ነው፤ ባለዋንጫውን፣ ቀጣዩን ባለዋንጫና ሁለተኛውን ይዞ አራተኛው እኛ።

የዛሬዎቹ አዋቂዎች ግን በ1954 ስዊዘርላንድ ላይ ከተሠራው ጋር ሲተያዩ ገና ጀማሪ ናቸው። ያኔ በአራት ቡድን ምድብ ውስጥ ሁለቱ የተመረጡ ተባሉ፤ የተመረጡትም ምድብ ተጋርተው እንኳ እርስ በርስ እንዳይጫወቱ ተደረገ። የሚጫወቱት ካልተመረጡት ጋር ብቻ ነው። ምርጫው የተወሰነው ማጣሪያው ሳያልቅ ነበርና ስፔን ተመርጣ ነበር፤ ቱርክ ግን ሮም ላይ ከስፔን ጋር 2ለ2 ተለያይታ፣ ዓይኑ የታሰረ ልጅ ባወጣው ዕጣ አለፈችና የስፔንን ክብር ወረሰች።

በዚህ መሠረት ቱርክ ከሃንጋሪ ጋር ምርጥ፣ ምዕራብ ጀርመንና ደቡብ ኮሪያ ተራ ሆኑ። ሃንጋሪ ኮሪያን 9ለ0፣ ቱርክም 7ለ0 አሸነፉ። ምዕራብ ጀርመን ቱርክን 4ለ1 ብታሸንፍም በሃንጋሪ 8ለ3 ተቀጣች። ቱርክ ሃንጋሪን አልነካቻትም፤ ጀርመንም ኮሪያን አላገኘችም። ጀርመንና ቱርክ በነጥብ እኩል ስለሆኑ፣ 4ለ1 ያሸነፈችው ጀርመን አሸናፊነቷን እንደገና እንድታስመሰክር ተጠራች። 7ለ2 አስመሰከረች። በጁላይ 4 በርን ከተማ ላይ ከተመረጠችው ሃንጋሪ ጋር ለፍጻሜ ስትቀርብ ግን የሚከልል ቋት አልነበረም፤ ያልተመረጠችው 3ለ2 አሸንፋ ዋንጫውን ወሰደች።