ዶላር ስንት ገባ?

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ውስጥ እንጀራ፣ በርበሬና ሐዋላ በአንድ ባንኮኒ የሚስተናገዱባቸው ሱቆች አሉ። ደንበኛው እንጀራ ሲገዛ ዓይኑን አይቶ፣ ጠርዙን ዳብሶ፣ «የዛሬ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ብር ሲልክ ግን በሩ ላይ የተለጠፈውን ቁጥር አይቶ፣ «ኮሚሽን የለም» የሚለውን አንብቦ ገንዘቡን ይዘረጋል። የአሜሪካ ሕግ ላኪው ከመክፈሉ በፊት የምንዛሪው ተመን፣ ክፍያውና ተቀባዩ እጅ የሚገባው ገንዘብ ተጽፎ እንዲሰጠው ያዛል። ወረቀቱ ይሰጠዋል። እሱም ሳያነብ በአራት አጥፎ ኪሱ ይከታል፤ «አጎቴ በኮድ ስንት ነው የሚቀበለው?» ብሎ የሚጠይቀው ከበር ከወጣ በኋላ ነው።

«ኮሚሽን የለም» የምትለዋ ማስታወቂያ በጣም ታስቀኛለች። ሱቁ ኪራይ ይከፍላል፣ መብራት ይከፍላል፣ ያቺን ኮምፒውተር ላይ የተቀመጠች ልጅም ይከፍላታል። እንግዲህ ከየት አምጥቶ ይሆን? ከተመኑ ነዋ። ሁለት ሱቆች ጎን ለጎን አሉ እንበል። አንዱ ያለ ኮሚሽን አንድ ዶላር በ120 ብር ይመነዝራል፤ ሌላው 5 ዶላር ቆርጦ በ124 ብር ይመነዝራል። 200 ዶላር የያዘ ሰው «በነፃ» ከሚልከው ሱቅ ሲልክ ቤተሰቡ 24,000 ብር ያገኛል። ከቆራጩ ሱቅ ቢልክ 195 ዶላሩ በ124 ተባዝቶ 24,180 ይሆን ነበር። የያዘው 100 ዶላር ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል፦ ነፃው 12,000፣ ቆራጩ 11,780። ሚዛኑ እኩል የሚቆመው 155 ዶላር ላይ ነው፤ ከሁለቱም ሱቅ 18,600 ብር ይወጣል። ከዚያ በታች ነፃው፣ ከዚያ በላይ ቆራጩ ያዋጣል። ይህን ለማወቅ ስልክ ላይ ያለው ካልኩሌተር ይበቃል። የእኛ ሰው ግን በዚያ ስልክ ዘመድ አዝማዱን ሁሉ እየደወለ «የት ሱቅ ነው የሚሻለው?» ይላል፤ የሚላከው ስንት እንደሆነ ግን ጠያቂውም አይናገር፣ ተጠያቂውም አይጠይቅ።

ደንበኛውን ይህን ያህል ካማነው፣ ባንኮኒውን ዞረን ባለሱቁንም እንየው። ሒሳቡን የሚይዘው በኤክሴል ነው። ከላይ በቀኝ በኩል በቢጫ የተቀባች አንዲት ሴል አለች፤ የዕለቱ ተመን የሚጻፈው እሷ ላይ ነው። ጋሼ ጠዋት ቡናቸውን እንደያዙ የትናንቱን ቁጥር አጥፍተው የዛሬውን ይጽፋሉ። የብር ዓምዱ ፎርሙላ ይህ ነው፦

```
=B2*$H$1
```

እዚህ ያሉት የዶላር ምልክቶች ገንዘብ አይደሉም፤ ፎርሙላው ወደ ታች ሲገለበጥ ያችን ቢጫ ሴል እንዳይለቅ የሚቸነክሩት ምስማሮች ናቸው። ስለዚህ ዛሬ የገባውም፣ ባለፈው ወር የገባውም፣ አምና የገባውም መዝገብ ሁሉ የሚባዛው በዛሬ ጠዋት ተመን ነው። ጋሼ ቡናቸውን ሳይጨርሱ ታሪክ ይቀየራል።

ተመኑ በሳንቲም ሲንቀሳቀስ ይህ አይታይም። 300 ዶላር ላይ ሃያ ሳንቲም ቢጨምር ልዩነቱ 60 ብር ነው፤ ማን ልብ ይላል? ያጋለጠው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ነው። የዚያን ዕለት ብሔራዊ ባንክ የብርን ምንዛሪ ለገበያ ለቀቀውና ከ57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በአንድ ጠዋት ከ74 ብር አለፈ። ቅዳሜ 300 ዶላር የላከ ሰው ቤተሰቡ በ57 ሒሳብ 17,100 ብር ተቀብሎ አጣጥሟል። ቢጫዋ ሴል ሰኞ 74 ሲጻፍባት ያው መዝገብ 22,200 ሆኖ ቁጭ አለ። እንዲህ ባለ ወረቀት የሚተማመን ባለሱቅ አዲስ አበባ ላለው ከፋዩ ደውሎ «5,100 ብር አጉድለሃል» ቢል፣ የሚቀጥለው የስልክ ንግግር ምን እንደሚመስል ለአንባቢ ልተወው።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ተመኑ ለየቀኑ አንድ አንድ መስመር ይዞ ለብቻው ሰንጠረዥ ላይ ይቀመጣል፤ እያንዳንዱ መዝገብም የራሱን ቀን ተመን ከዚያ ይፈልጋል፦

```
=B2*VLOOKUP(A2,Rates!A:B,2,FALSE)
```

መጨረሻ ላይ ያለችው `FALSE` «ቀኑን በትክክል ካላገኘህ አትገምት» ማለት ናት። ችግሩ እሑድ ይመጣል። አገር ቤት ባንኮቹ ዝግ ናቸው፤ ሰንጠረዡ ላይ አዲስ ተመን የጻፈ የለም። እዚህ ግን ሕዝበ ክርስቲያኑ ከቅዳሴ ወጥቶ በቀጥታ ወደ ሱቁ የሚጎርፍበት ቀን ነው። `#N/A` ስክሪኑን ይሞላዋል። ልጅቷ አስቀያሚውን ምልክት ላለማየት ስሕተት ሲመጣ ዜሮ እንዲጻፍ ታደርጋለች፤ ስክሪኑ ያምራል፤ እሑድ የላከው ሁሉ ዜሮ ብር ልኳል። የቅዳሜው ተመን እሑድም ይሠራል ብሎ መወሰን ይቻላል፤ ግን ውሳኔው የእሑድ መስመር ሆኖ ሰንጠረዡ ላይ መጻፍ አለበት።

ቀኑን በእኛ አቆጣጠር የሚጽፍ ትጉህም አለ። ኤክሴል ጳጉሜን የሚባል ወር አልሰማም። በአሜሪካኖቹ አጻጻፍ ወሩን አስቀድሞ 13/3/2016 ብሎ የጻፈ ሰው ቀን ሳይሆን ተራ ጽሑፍ ጽፏል፤ ወደ ግራ ተጠግቶ መቆሙ ያሳብቀዋል። እውነተኛ ቀን ወደ ቀኝ ነው የሚጠጋው። የሚብሰው መስከረም 4 ነው፤ 1/4/2016 ሲባል ኤክሴል ያለ ምንም ተቃውሞ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 4 ያደርገዋል።

ዋናው ጉድ ግን የየላኪው ድምር ነው። ድምሩ የሚሠራው በስም ነው፤ ስም ደግሞ እንደ ጸሐፊው ስሜት ይለዋወጣል። እትዬ ፀሐይ ጠዋት `Tsehay`፣ ቀትር ላይ `Tsehai`፣ ማታ `Sehay` ሆነው ተመዝግበዋል። ለቤት ግዢ በአንድ ቀን 4,200፣ 3,500 እና 2,800 ዶላር በጥሬ ገንዘብ ቢያመጡ ድምሩ 10,500 ነው። አሜሪካ ውስጥ ሐዋላ ቤት ከአንድ ሰው በአንድ ቀን ከ10,000 ዶላር በላይ ጥሬ ገንዘብ ከተቀበለ ለመንግሥት ማሳወቅ አለበት፤ ወረቀቱ ላይ ግን ሦስት የማይተዋወቁ ሴቶች አሉ። ሪፖርቱ ራሱ ላኪዋን አንዳች አያደርጋትም። የሚያስጠይቀው ሪፖርቱን ለመሸሽ ሆን ብሎ ገንዘቡን መከፋፈል ነው፤ ያም ሆኖ «ከፋፍለሽ ላኪ፣ ብልህ ሁኚ» የሚል የአክስት ልጅ ከየቤቱ አይጠፋም።

መድኃኒቱ ለደንበኛው መታወቂያውን አይቶ አንድ ቁጥር መስጠትና ድምሩን በቁጥሩ መሥራት ነው። ጋሼ ይህን እስኪያደርጉ ድረስ ዓመት በዓል በመጣ ቁጥር ለትልቁ ላኪ አንድ ጠርሙስ ጠጅ ይሸልሙ ነበር። ጠጁን የሚወስዱት ሁልጊዜ አቶ ኃይሉ ነበሩ። ብዙ ስለሚልኩ እንዳይመስላችሁ፤ ልጅቷ ስማቸውን `Hailu` ብላ ለምዳ ሌላ አጻጻፍ ስለማትሞክር ነው። ቁጥሩ የተሰጠ ጊዜ እትዬ ፀሐይ ሦስትነታቸው አንድ ሆኖ ከሁሉም በላይ ወጡ፤ አቶ ኃይሉ ወደ አራተኛ ወርደው «ኮምፒውተሩን ማን ነካው?» እያሉ ነው።