ውድ የማይባልበት ደብዳቤ

የአማርኛ የሥራ ደብዳቤ በ«ለ» የተቀባዩን መሥሪያ ቤት ከጠራ በኋላ በቀጥታ ወደ «ጉዳዩ» ይገባል እንጂ ማንንም «ውድ» አይልም፤ ውድነት ለዘመድና ለገበያ የተተወ ነውና። በመሆኑም ለሃምቡርግ ቡና ገዢ የሚላከው የእንግሊዝኛ ትርጉም ቃል በቃል ከሄደ፣ ያለ ሰላምታ ተጀምሮ «ዊዝ ግሪቲንግስ» በሚል ይዘጋል፤ ገዢውም ላኪዎቹ ሲሰናበቱ ሰላም የሚሉበትን ምክንያት ሲያሰላስል ቡናው ወደብ ይደርሳል። ሥራውን የሚያውቅ ተርጓሚ ግን ከላይ ያልነበረውን «ዲር» ይጨምርና፣ ከታች ያለውን «ከሰላምታ ጋር» በብሪታንያ ልማድ ተቀባዩ በስም ከተጠራ «ዩርስ ሲንሰርሊ»፣ ካልተጠራ ደግሞ «ዩርስ ፌዝፉሊ» በሚለው ይተካዋል። «ስለሚደረግልን ትብብር በቅድሚያ እናመሰግናለን» የሚለው፣ ማለትም ጥያቄው እንደተፈጸመ ተቆጥሮ በቀብድ መልክ የሚከፈለው ምስጋና፣ በእንግሊዝኛ የትእዛዝ ሽታ ስለሚኖረው «ብትተባበሩን ደስ ይለናል» ወደሚል ይለዝባል። ለክቡ ማኅተም ግን አቻ ሐረግ የለም፤ እንግሊዝኛው ምንም ቢያምር፣ ማኅተሙ ፊርማው ላይ ካላረፈ ላኪው ራሱ ደብዳቤውን አያምነውም።