«ፎርማን፣ ሰበታ ቦታ ገዝቻለሁ። ስምንት በዘጠኝ ቤት መሠረቱ ስንት ይፈጃል?»

«አፈሩ ምንድነው፣ ጋሼ?»

«አፈር ነዋ! ዋጋ ብጠይቅህ ምርመራ ትጀምራለህ?»

እኔ ዛሬ ያልጠየቅኩዎትን፣ ጋሼ፣ በነሐሴ የሳሎንዎ በር አልዘጋ ብሎ ይጠይቅዎታል።

እውነት ነው፣ ጥያቄ የሚያበዛ ባለሙያ አለ። ከእኔ በፊት ያነጋገሩት ሰው የሴራሚኩን ቀለም፣ የመስኮቱን ዓይነት፣ የቆርቆሮውን ውፍረት ሁሉ ጠይቋቸው ነበር። ሴራሚኩ ነጭ ሲሆን ጉድጓዱ ይጠልቃል? ግራጫ ሲሆን ብረቱ ይቀንሳል? እኔ አፌን ከመክፈቴ በፊት ሁለት መልስ አስባለሁ። ሁለቱም ወደ አንድ ጉድጓድ የሚያወርዱኝ ከሆነ ጥያቄውን እውጠዋለሁ። ለመሠረት የሚተርፉኝ ሦስት ናቸው፤ አንዳንዴ አራት።

የመጀመሪያው አፈሩ ነው። ከሰበታ ወደ ተፍኪ የሚዘረጋው ሜዳ ብዙው መረሬ ነው፤ የአካባቢው ሰው ኮቲቻ ይለዋል። ክረምት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ በጋ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ቤቱን በየዓመቱ ሽቅብ ገፍቶ ቁልቁል ይለቀዋል፤ ግድግዳው ከመስኮቱ ማዕዘን ጀምሮ በሰያፍ የሚተረተረው ለዚህ ነው።

«የሸጠልኝ ሰው መሬቱ ጠንካራ ነው ብሎኛል።»

በየካቲት መረሬም ጠንካራ ነው! ሻጩን ትተው ዶማውን ይጠይቁ። ሁለት ሜትር ጉድጓድ ያስቆፍሩ፤ አፈሩን አድርቀው፣ ፈጭተው፣ በወንፊት ይንፉት። መስመር ባለው ብርጭቆ ውስጥ 100 ሚሊ ሊትር ውሃ አድርገው 10 ሚሊ ሊትር ዱቄቱን ቀስ ብለው ይጨምሩበትና በ24 ሰዓቱ የዘቀጠውን ይለኩ። 10 የነበረው 20 ከደረሰ በእጥፍ አብጧል፤ ያ አፈር ቤት አይሸከምም። ላብራቶሪን ባይተካም ላብራቶሪ መሄድ እንዳለብዎት ይነግርዎታል።

የአንዱ ጥያቄ ዋጋ ስንት ነው? እናስላው። ስምንት በዘጠኝ 72 ካሬ ነው። መረሬው 1 ሜትር ከ20 ቢወፍር፣ ከግድግዳው ውጭ የሚሰፋውን ትቼ፣ 86 ሜትር ኩብ ይወጣል። ተቆፍሮ ሲላላ ሩብ ያህል ይጨምርና 108 ገደማ ይሆናል፤ 16 ሜትር ኩብ ለሚጭን ሲኖትራክ ሰባት ምልልስ ነው። በቦታው ገረጋንቲ ተሞልቶ በየንብርብሩ ሲጠቀጠቅ ሌላ ሰባት። ቡራዩ ላይ ያው ቤት ዳገት ላይ ሲያርፍና አካፋው ግማሽ ሜትር ሳይወርድ ድንጋይ ሲነካ፣ ከአሥራ አራቱ ምልልስ አንዱም አያስፈልግም። ሴራሚኩ ግን ሁለቱም ቦታ ያው ነጭ ነው። መረሬው ሦስት አራት ሜትር ከወረደ ደግሞ አውጥቶ መጨረስ አያዋጣም፤ የዚያን ጊዜ ነገሩ ከእኔ እጅ ወጥቶ የመሐንዲስ ይሆናል።

ሁለተኛው፦ «ወደፊት ፎቅ ይጨምራሉ?»

«እሱን እግዜር ያውቃል።»

እግዜርስ ያውቃል፤ ብረቱ ግን የሚታሰረው ዛሬ ነው። መሠረቱ ከተቀበረ በኋላ የመጣ ሐሳብ ቤት አፍርሶ ካልሆነ አይገባም። ባለቤቱ «አላውቅም» ካለኝ ደግሜ አላስጨንቀውም፤ ባለ አንዱንም ባለ ፎቁንም ዋጋ ጎን ለጎን ጽፌ እሰጠዋለሁ። ልዩነቱን ሲያይ ራሱ ይወስናል።

ሦስተኛው ውሃው ነው፤ ሱሉልታ ሜዳ ላይ ሳልጠይቀው አልቆፍርም። «በጥር አይቼዋለሁ፣ ሣር ነው» ይሉኛል። በጥር ማን ውሃ ፈለገ? በነሐሴ የት ድረስ እንደሚተኛ ጎረቤት ያውቃል፤ ጎረቤት ከሌለ በአቅራቢያው ያለ የቆየ አጥር ላይ የጭቃ መስመር ይፈለጋል። መስመሩ ጉልበት ድረስ ከደረሰ ወለሉ ከዚያ በላይ መነሳት አለበት፤ ሙሌቱም ደረጃውም የውሃ መውረጃውም አብሮ ይለወጣል።

ጋሼ በሳምንቱ ደወሉ።

«አስቆፈርኩት። 1 ሜትር ከ20 ድረስ ጥቁር፣ ከሥሩ ቀይ ድንጋያማ ነው። ውሃ አይተኛበትም፣ ጎረቤት ጠይቄያለሁ። ፎቅም አልጨምርም። አሁንስ ጥያቄ ጨረስክ?»

«አንድ ቀረኝ። ሲኖትራክ ቦታው ድረስ ይገባል?»

ትንሽ ዝም አሉ። «ከአስፋልቱ በኋላ 300 ሜትር ጭቃ መንገድ ነው። ዝናብ ካልጣለ ይገባል።»

«እንግዲያው ጋሼ፣ ሰኔን ሳንጠብቅ ነው የምንቆፍረው። ዋጋውን ማታ እልክልዎታለሁ።»