ወራጅ አለ!

የዳባት ጠዋት ብርዱ አጥንት ይሰብራል። የአንደኛ ክፍል ተማሪዎቼ ግን የራሳቸው ማሞቂያ አላቸው፤ ጩኸት። ገና ጠመኔዬን ሳነሣ ከነጋቢያቸው ብድግ ይሉና «ሀ ግዕዝ፣ ሁ ካዕብ፣ ሂ ሣልስ፣ ሃ ራብዕ፣ ሄ ኃምስ፣ ህ ሳድስ፣ ሆ ሳብዕ!» ሲሉ የጣሪያው ቆርቆሮ ይንጫጫል። በደጅ የሚያልፍ ወላጅ «ልጆቻችን ፊደል ለዩ» ብሎ ደስ ብሎት ይሄዳል። እኔም ሦስት ሳምንት ያህል ደስ ብሎኝ ከረምኩ።

አንድ ቀን የፊት ጥርሱ የወለቀውን፣ ከሁሉም በላይ የሚጮኸውን ልጅ አስነሣሁና ሰሌዳው ላይ «ቤ»ን ነካሁለት።

«ይቺ ማን ናት?»

ልጁ ወደ ረድፉ መጀመሪያ ተመለሰ። በጣቱ እየጠቆመ «በ፣ ቡ፣ ቢ፣ ባ...» ብሎ በሹክሹክታ አዜመና ሲደርስባት «ቤ ኃምስ!» ብሎ አንባረቀ። ጠረጠርኩ። ስድስቱን አጥፍቼ «ቤ»ን ብቻዋን ተውኳትና ደግሜ ጠየቅሁት።

«ቲቸር፣ ሌሎቹን ካጠፏቸው በምን ልወቃት?»

ለካ ዜማው ወራጅ አለ ቢሉት የማይቆም ታክሲ ኖሯል። ከመነሻው ተሳፍሮ እስከ መጨረሻው መሄድ እንጂ መሐል ላይ መውረድ የለም። ልጆቹ የሚያውቁት ተራውን ነው፤ መልኩን አይደለም።

ማታ በኩራዝ ተቀምጬ መልክ የሚያስለይ ግጥም ጻፍኩ።

በ በሁለት እግሩ ቆመ ከደጅ፤
ቡ ከቀኝ ጎኑ አወጣ እጅ፤
ቢ በቀኝ እግሩ ጫማ አጠለቀ፤
ባ ግራው አጥሮበት ሲያነክስ ሳቀ፤
ቤ ቀለበት አሰረ ከቀኝ እግሩ ሥር፤
ብ እጁን ዘረጋ ወደ ግራ ዳር፤
ቦ ቀኙ አጥሮበት ቀረ ከሰፈር።

ክፍሉ ፈነደቀ። «ባ» ሲባል ሁሉም ያነክሳል፤ «ቢ» ሲባል በላስቲክ ጫማ ወለሉን ይደበድባል። ሁለት ቀን እንደ ባለቅኔ ተንጎራደድኩ። በሦስተኛው ቀን «ረ» ላይ ደረስን።

«ቲቸር፣ ረ ሁለት እግር የለውማ! በምኑ ያነክሳል?» አለ ያው ጥርሰ ወላቃ።

እውነቱን ነው። «ራ» እግር የሚያሳጥርበት የለውም። ካዕብና ሣልስ ብዙውን ጊዜ ጨዋ ናቸው፤ ምልክታቸውን አይለውጡም። ሳድስ ግን በየቤቱ ሌላ ልብስ ይለብሳል፤ የ«ል» ምልክት የ«ር»ን አይመስልም፣ የ«ር»ም የ«ን»ን። ለሁሉም ልክ የሚሆን ግጥም ልስፋ ብል ሠላሳ ሦስት ግጥም ሊሆንብኝ ነው።

ችግሬን ይዤ ጎንደር በአታ አቋቋም ተምረው ወደመጡት የኔታ ሄድኩ። ሳቁብኝ።

«ልጄ፣ ይሄ በሽታ ጥንትም ነበር። መድኃኒቱ ተራውን መስበር ነው። እኛ አቡጊዳ የምናስቆጥር ለምን መሰለህ?»

ነገሩ እንዲህ ነው። ከመጀመሪያው ፊደል ግዕዙን፣ ከሁለተኛው ካዕቡን፣ ከሦስተኛው ሣልሱን እየወሰዱ በሰያፍ መውረድ ነው፦ አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ። ቀጣዩ ደግሞ ከ«በ» ይነሣል፦ በ፣ ጉ፣ ዲ፣ ሃ፣ ዌ፣ ዝ፣ ሖ። «በ፣ ቡ፣ ቢ» ብሎ ማዝገም አይቻልም፤ እያንዳንዱን ፊደል ፊቱን አይቶ መጥራት የግድ ነው።

ሰኞ ጀመርኩ። ክፍሉ ጸጥ አለ፣ ግንባሮች ተኮሳተሩ። «አሁን እያዩ ነው» አልኩ። ሁለት ሳምንት አልሞላም፣ ጥርሰ ወላቃው ለአቡጊዳም ዜማ አወጣለት፤ ክፍሉ ተቀበለው፤ ቆርቆሮው ተንጫጫ። ተመልሼ ለየኔታ ብነግራቸው ስንደዶ መዝዘው ሰጡኝ። «እንግዲያው ያልጠበቁትን ንካባቸው። ስንደዶ ዜማ የለውም።»

እስከ ዛሬ የምሠራው በሷ ነው። ጠዋት ይዘፍናሉ፤ ከዚያ ስንደዶዋ ከ«ሴ» ወደ «ቱ»፣ ከ«ቱ» ወደ «ም» ትዘላለች። መዘመር ያማረው ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ይታወቅበታል።

በቀደም ከባልደረባዬ ጋር «ገሳ» በሚለው ቃል ተከራከርንና በ1962 ዓ.ም. የታተመውን የደስታ ተክለ ወልድን መዝገበ ቃላት አወረድኩ። «ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ፣ ረ...» እያልኩ በሆዴ አዜምኩና «ገ» ወደ መጨረሻው ነው ብዬ ከኋላ ገለጥኩ። የለም። ወደፊት ገለጥኩ፣ ወደኋላ ገለጥኩ። መጽሐፉ የተደረደረው በ«አ፣ በ፣ ገ፣ ደ» ነው፤ «ገ» ሦስተኛው ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል።

ባልደረባዬ ከንፈሬን እያየ ነበር።