ወንድሜ ሮበርት

ባለፈው ሳምንት ዘመድ ሞተብኝ። መኖሩን ያወቅሁት በመሞቱ ነው። መርዶውን በኢሜይል ያደረሰኝ ቶጎ፣ ሎሜ ያለ ጠበቃ ነው። ኢንጂነር ሮበርት ተስፋዬ የተባለ የነዳጅ ባለሙያ ከነቤተሰቡ በመኪና አደጋ አልፏል። ባንክ ያስቀመጠው 10.5 ሚሊዮን ዶላር ወራሽ አጥቷል። «የቤተሰብ ስማችሁ» አንድ ስለሆነ እኔ ተፈለግሁ።

ጠበቃው ያላወቀው፣ እኛ ዘንድ የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር አለመኖሩን ነው። ተስፋዬ አባቴ ነው። ስለዚህ ሮበርት ተስፋዬ ሩቅ ዘመዴ ሳይሆን ወንድሜ ሊሆን ነው! የሮበርትን ነፍስ ይማርና፣ ከደሴ ርቆ የማያውቀው አባቴ ሎሜ ድረስ መቼ ደርሶ እንደተመለሰ እንጃ።

ክፍፍሉ ፍትሐዊ ነው፤ 50 በመቶ ለጠበቃው፣ 40 በመቶ ለእኔ፣ 10 በመቶ «ለልዩ ልዩ ወጪ»። በማግስቱ ግን ለፍርድ ቤት ቃለ መሐላ 350 ዶላር እንድልክ ታዘዝኩ። የሚላከውም ለፍርድ ቤቱ ሳይሆን በአንድ ግለሰብ ስም ነው። ላሟ በሰማይ ናት፤ የመኖዋ ሂሳብ ግን በምድር፣ በእኔ ላይ ታሰበ።

ከእኔ በፊት «የወረሰ» አንድ ወዳጄ ቀጣዩን ነገረኝ። ከ350ው በኋላ የግብር ክሊራንስ 1,200 ዶላር ይመጣል። ከዚያ ገንዘቡ ከሽብር ንጹሕ ለመሆኑ የምስክር ወረቀት 2,900። እያንዳንዱ ክፍያ «የመጨረሻው» ነው። ታዲያ ለምን አላቆምክም ብለው፣ «ካቆምኩማ 350ዋ ቀለጠች!» አለኝ። ሁሉም ከቀለጠ በኋላ ደግሞ ሌላ ደግ ሰው ጻፈለት፤ የተበላ ገንዘብ አስመላሽ ነው፤ እሱም ቅድሚያ ክፍያ አለው።

እንዲህ ያለ ተረት ማን ያምናል አትበሉ። ኮርማክ ሄርሊ የተባለ የማይክሮሶፍት ተመራማሪ በ2012 እ.ኤ.አ. እንዳስረዳው፣ የደብዳቤው ሞኝነት ወንፊት ነው። ብዙ ጠይቆ በመጨረሻ የማይከፍል ሰው ለአጭበርባሪ ኪሳራ ነው። ስለዚህ ተጠራጣሪው ገና ከመጀመሪያው ስቆ እንዲሄድለት ይፈልጋል፤ በወንፊቱ ላይ የሚቀረው ሳይስቅ ያነበበው ነው።

እኔ አልሳቅሁም። በትሕትና መለስኩለት፦ «ክቡር ጠበቃ፣ በእኛ አገር ሕግ የውርስ ማጣሪያ ወጪ የሚከፈለው ከውርሱ ላይ ነው። እርስዎም 10 በመቶ፣ ማለትም 1.05 ሚሊዮን ዶላር፣ ለዚሁ መድበዋል። 350ውን ከዚያ ይቀንሱልኝ። ካልበቃ ከእኔ 4.2 ሚሊዮን ላይ ይውሰዱ፤ ለወንድሜ አልሰስትም።»

ይኸው ሳምንቱ፣ መልስ የለም። መቀነስ ሳይከብደው አልቀረም፤ እስካሁን የሠራው መደመር ብቻ ነዋ። እኔም የሮበርትን ነገር ለእናቴ አልነገርኳትም። ውርሱ ሳይገባ ቤት እንዳይፈርስ ብዬ ነው።