የተከበሩ ደንበኛችን ሆይ፣ ገንዘቡ አይመለስም

ኩዌት ያሉት የቤት ሠራተኛ አስመጪ ቢሮዎች፣ ልጆቻችን «መክተብ» የሚሏቸው፣ ደብዳቤ የሚጽፍላቸው ሰው ያጡ ይመስላሉ። «ሠራተኛዋን ውሰዱ፣ ገንዘቤን መልሱ» የሚል ደንበኛ ሲመጣ አንዱ ስልክ አያነሳም፤ ሌላው «ኢንሻላህ ቡክራ» ብሎ ይሸኛል። እንዲህ ላለ የተከበረ ንግድ አይመጥንም። ስለዚህ ረቂቅ አዘጋጅቼላቸዋለሁ፤ ስምና ቀን እየሞሉ ይላኩት፤ ሂሳብ አልጠይቅም።

ደብዳቤው እንዲገባን ግን ጥቂት ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው የኩዌት የቤት ሠራተኞች ሕግ ቁጥር 68 ለአሠሪው የ6 ወር ዋስትና ይሰጠዋል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ሠራተኛዋ አልሠራም ካለች ወይም ለሥራው የማያበቃት ሕመም ከተገኘባት ቢሮው የተቀበለውን ይመልሳል። የፍሪጅ ዋስትና ከዚህ ይረዝማል፤ ግን ፍሪጅ አያለቅስም፣ እናቱም ዘንድ አይደውልም፣ ስለዚህ ማነጻጸሩ ተገቢ አይደለም። በ2023 ደግሞ የንግድ ሚኒስቴር የዋጋ ጣሪያ አበጀ፤ ቲኬትን ጨምሮ ከእስያ ለምትመጣ 750 ዲናር፣ ከአፍሪካ ለምትመጣ 575። በምን እንደረከስን ሚኒስቴሩ ቢያስረዳን ደስ ይለን ነበር።

ክርክሩ ሁሉ የሚነሳው «አልሠራም አለች» ማለት ምን እንደሆነ ላይ ነው። ማዳም «አልሠራም አለች» ትላለች፤ ቢሮው ደግሞ «አንቺ ነሽ ያስመረርሻት» ይላል። ልጅቷን የሚጠይቅ የለም። ጠያቂ ቢገኝም በአማርኛ ትመልሳለች፤ ዋስትናው ደግሞ በዐረብኛ ነው። እንግዲህ በሳባህ አል-ሳሌም ያለች አንዲት ማዳም ሠራተኛዋን በአምስተኛው ወር መለሰቻት እንበል። ደብዳቤው እነሆ፦

«ለተከበሩ ደንበኛችን፣ ሳባህ አል-ሳሌም።

ሰላምታችን ይድረስዎ። በቢሯችን ላይ ስላሳዩት እምነት ከልብ እናመሰግናለን። 575 ዲናርዎ እንዲመለስልዎ ያቀረቡትን ጥያቄ በጥሞና ተመልክተን፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር ውድቅ አድርገነዋል።

ሠራተኛዋ «ቀን ትተኛለች» ብለው ጽፈዋል። ይህ ጉድለት እኛ ስናስረክብዎ አልነበረባትም፤ ሌሊት በመሥራቷ የመጣ ነው። ሕጉ በቀን ከ12 ሰዓት በላይ እንዳትሠራ ይከለክላል። እርስዎ 17 ሰዓት አሠርተዋት ከሆነ፣ አስቀድመው በብዛት ተጠቅመዋልና ልዩነቱን አንጠይቅዎትም።

«ዓርብ ውጪ ልውጣ ትላለች» ያሉትንም አይተናል። ሳምንታዊ ዕረፍት በሕጉ ያለ በመሆኑ፣ መጠየቋን እምቢተኝነት ነው ለማለት ተቸግረናል። እርግጥ ሳያስወጧት ከርመው ይሆናል፤ በዚህ ጉዳይ ቢሯችን አስተያየት የለውም፤ ኖሮትም አያውቅም።

«ደመወዝ ደመወዝ እያለች አሰለቸችን» የሚለው ቅሬታዎ አሳዝኖናል። በ2016 የተወሰነው ዝቅተኛ ደመወዝ 60 ዲናር ነው። የሦስት ወሩን አለመክፈልዎን በደብዳቤዎ ራስዎ ስለነገሩን፣ ዋስትናው በአሠሪ ጥፋት ለደረሰ ጉዳት እንደማይሠራ የውላችንን ጀርባ እንዲያነቡ በትሕትና እንጠቁማለን። ፊደሉ ስላነሰብዎ ይቅርታ።

የልጅቷን የሦስት ወር ደመወዝ በተመለከተ ግን ከውላችን ውጪ ስለሆነ ምንም ለማለት አንችልም። እርስዎ የኛ ደንበኛ ነዎት፤ እሷ የማንም ደንበኛ አይደለችም።

ቢሆንም ደንበኝነትዎን እናከብራለን። ተጨማሪ 300 ዲናር ከከፈሉ ሌላ ሠራተኛ፣ ከአዲስ የ6 ወር ዋስትና ጋር፣ በቅርቡ እናስረክብዎታለን። የመለሷት ልጅም እዚሁ ሳሎናችን ወንበር ላይ ሻንጣዋን ታቅፋ ተቀምጣለች፤ ዛሬ ከሰዓት የሚያያት ደንበኛ ይመጣል። «ልምድ ያላት» ብለን ስላስተዋወቅናት ዋጋዋ በጥቂቱ ከፍ ይላል።

ከአክብሮት ጋር።

ማሳሰቢያ፦ ፓስፖርቷ በእርስዎ ዘንድ ቀርቷል። አሠሪ ፓስፖርት መያዝ በሕግ መከልከሉን እናውቃለን፤ እርስዎም ያውቃሉ። እሁድ በሥራ ሰዓት በሾፌር ይላኩልን፤ ለሚቀጥለው ደንበኛ የምናስረክበው እኛ ነን።»