ሦስተኛ ወገን

አዲስ አበባ ውስጥ ደላላ ላጤ ተከራይ ይዞ ሲመጣ አስቀድሞ የሚያወራው ሰውየው ቤት ውስጥ እንደማይገኝ ነው። «ጠዋት ወጥቶ ማታ ነው የሚገባው፤ ምሳም እራትም ውጭ ነው፤ ቅዳሜና እሁድ ዘመድ ጋ ይሄዳል» ይላል። አከራይ ይህን ስትሰማ ፊቷ ይበራል። የከተማችን ምርጥ ተከራይ ኪራዩን እየከፈለ የማይኖር ሰው ነዋ!

እንዲህ ተወድሶ የገባ ሰው ሚስት ሲያገባ የደላላው ምስክርነት ባንድ ቀን ይፈርሳል። ደፋሩ ሙሽራ ሄዶ ይናገራል። ፈሪው ግን ሚስቱን «እህቴ ናት፣ ለጥቂት ቀን ነው» ብሎ ያስገባል፤ ጥቂቱ ቀን ፋሲካን አልፎ ክረምት ይገባል። ከዚያ «እህቲቱ» ታረግዛለች። ይሄኔ ባልየው የሚያስረዳው ነገር ከኪራይም የከበደ ይሆናል።

ገርጂ አካባቢ ሰርቪስ ቤት የተከራየ አንድ ጎልማሳ ግን ደፋሮቹ ዘንድ የሚመደብ ነው። ሚስቱን ሲያመጣ ነግሯል፤ አከራዪቱ እትዬም መርቀው ተቀብለዋል። የቸገረው ሁለተኛው ዜና ነው። አንድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ጠብቆ ጠጋ አለ።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ላማክርዎት ነበር።»

«ቆጣሪው ዘለለ እንዴ?»

«አይ፣ ባለቤቴ ነፍሰ ጡር ናት።»

«እሰይ! ማርያም በሽልም ታውጣት!» አሉ፤ ከልባቸው ነው። ትንፋሻቸውን ሳይመልሱም ቀጠሉ፦ «ታዲያ ልጁን የት ልታሳድጉት ነው ያሰባችሁት?»

እትዬ ክፉ ሴት አይደሉም፤ ሂሳብ የሚያውቁ ሴት ናቸው። ሦስት ኪሎ የማትሞላ ፍጥረት ብቻዋን እንደማትመጣ ከማንም በላይ ያውቁታል። አራሷን የምታርስ አያት ከደብረ ማርቆስ ትሳፈራለች። ከእሷ ጋር የገንፎ ዱቄትና የቅቤ ቅል ይመጣል። ጠያቂው በየቀኑ በሩን ያንኳኳል። አያት ስትመለስ ሞግዚት ትገባለች። ወንድ ከሆነ በአርባ፣ ሴት ከሆነች በሰማንያ ቀን ክርስትና አለና ግቢው ውስጥ ድንኳን ሊተከል ይችላል። እትዬ በጣታቸው እየቆጠሩ ሰርቪስ ቤቷ ላይ ያሰፈሩት ሕዝብ ከተከራዩ ግምት ብዙ እጥፍ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ እሳቸው ናቸው ልክ።

ከዚያ ቆጣሪው አለ። ግቢው አንድ የመብራት ቆጣሪ ብቻ ነው ያለው፤ አምስት ቤት በእሱ ይጠቀማል። የመብራት ታሪፍ ደግሞ በእርከን የተሠራ ነው። ፍጆታው በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ይወደዳል። እያንዳንዱ ቤት የራሱ ቆጣሪ ቢኖረው በርካሹ እርከን የሚያልፍ ነበር፤ ሁሉም ባንድ ላይ ሲደመሩ ግን ወደ ውዱ ይወጣሉ። ስለዚህ የሕፃን ውሃ ለማሞቅ ሌሊት የሚሰካ ምድጃ የሚጨምረው የአባትየውን ድርሻ ብቻ ሳይሆን የጎረቤቱንም ነው። ውሃውም እንደዚያው ነው፤ በፈረቃ የምትመጣዋ ውሃ በሮቶ ተይዛ ለሁሉም ትዳረሳለች፤ የሕፃን ጨርቅ ማጠብ ሲጀመር ግን ሮቶው ፈረቃው ሳይደርስ ይደርቃል። የመጸዳጃው ጉድጓድም ቶሎ ይሞላና የመምጠጫ መኪና ያስጠራል። የእትዬ ጥያቄ የተነሳው እዚህ ላይ ነው፤ ችግሩ በደንብ ያልተነገረ መሆኑ ብቻ ነው። እሳቸው ያሉት «ኪራዩ ላይ ትንሽ ጨምር» ነው።

ጎልማሳው ውሉን አወጣ። ከፊሉን ደላላው፣ ከፊሉን ኮፒ ቤት ያለችው ልጅ ያረቀቁት ውል ነው። ስለ ነዋሪ ብዛት አንድም ቃል የለበትም። እትዬ ግን መነጽራቸውን አድርገው አንድ አንቀጽ አገኙ፦ «ተከራይ ቤቱን ለሦስተኛ ወገን አሳልፎ መስጠት አይችልም።» ጣታቸውን አስቀምጠው ቆጠሩ። «አንተ አንድ፣ ባለቤትህ ሁለት። ይኸው ሦስተኛ ወገን!»

አንቀጹ የሚከለክለው ቤቱን ለሌላ ሰው ማከራየትን ነው። ለመኖሪያ በተከራዩት ቤት ከሚስትና ከልጅ ጋር መኖር ቤት አሳልፎ መስጠት አይደለም፤ ልጁም ኪራይ አይከፍልም። ውሉ «ከሁለት ሰው በላይ አይኖርበትም» ቢል ግን ነገሩ ሌላ ነበር። ያኔ መከራከር ሳይሆን ውሉን ማሻሻል ያስፈልጋል።

ስለ ጭማሪውም ሕግ አለ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይላል። ኪራይ የሚጨመረው ተቆጣጣሪው አካል በየዓመቱ በሚያወጣው ጣሪያ እንጂ በተወለደው ልጅ ቁጥር አይደለም። እርግጥ ይህን አንቀጽ ለእትዬ በሕግ ቋንቋ የሚያነብላቸው ተከራይ ክርክሩን ያሸንፍና የበር ቁልፉን ይነጠቃል፤ ማታ በሦስት ሰዓት በሩ ይቆለፋል። ደግሞም ውሉ ሊያልቅ ጥቂት ወር ብቻ የቀረው ሰው ጉልበቱ ያንሳል፤ ሁለት ዓመቱ ሲሞላ አለማደስ ይቻላልና። ልጁ የሚወለድበትንና ውሉ የሚያበቃበትን ወር ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት ከአልትራሳውንድ እኩል ይጠቅማል።

ጎልማሳው ኪራዩን አልጨመረም፤ የመብራትና የውሃ ድርሻውን ግን በራሱ ፈቃድ አሻሻለ። ድሮ በቤት ይካፈሉ ነበር፤ አሁን በሰው እንዲሆን፣ ሕፃኑ እስኪራመድ በግማሽ ሰው እንዲቆጠር፣ የሞግዚቷ ደግሞ ሙሉ እንዲሆን ተስማሙ። እትዬ የጠየቁት ጭማሪ ሲሰላ ከዚህ ብዙም አይርቅም ነበር፤ ልዩነቱ ይኼኛው ፍጆታው ሲቀንስ አብሮ መቀነሱ ነው።

ቀጥሎ አንድ ገጽ ተጻፈ፦ «በዚህ ቤት የተከራይ ባለቤትና የሚወለደው ልጃቸው አብረው እንዲኖሩ አከራይ ፈቅደዋል። የኪራዩ መጠንና የውሉ ዘመን አልተለወጠም። የመብራትና የውሃ ክፍያ በነዋሪ ቁጥር ይሆናል።» የሚስትየው ስም ሙሉ ተጻፈ፤ የልጁ ቦታ ባዶ ቀረ። ለአፍ ስምምነት ያልተዉት በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1722 በልዩ ፎርም የተደረገ ውል የሚለወጠው በዚያው ፎርም ነው ስለሚል ነው። በቁጥር 1727 ደግሞ የጽሑፍ ውል በተዋዋዮቹ ፊርማና በሁለት ምስክሮች መጽናት አለበት። አንደኛው ምስክር ደላላው ነበር፤ ላጤ ብሎ ያመጣውን ሰው አባት ብሎ ፈረመለት። የኮሚሽን ጥያቄም አነሳ፤ እትዬ አባረሩት።

አንድ ነጥብ ብቻ ሳይጻፍ ቀረ። ዋናው ውል «የግቢውን ሰላም ማወክ» ክልክል ነው ይላል። ሕፃን በሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ሲያለቅስ በዚህ ይጠየቃል ወይ ብሎ ጎልማሳው ሲጠይቅ እትዬ ሳቁ፤ «እኔም አራት አሳድጌያለሁ» ብለው አለፉት።

አባት ልትሆን የቀረብህ ተከራይ፦ ከአያቲቱ አውቶብስ በፊት ሄደህ ንገር፤ ወረቀቱን በሦስት ኮፒ አድርገህ አንዱን ውሉ በተመዘገበበት ቢሮ ከዋናው ጋር አስይዝ።